ቦርዱ የሚያነበው ሁለት ገጽ ብቻ ነው

የአዋጭነት ጥናት ማሠራት ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ባለሙያ ይቀጠራል፤ ገበያ ይጠናል፤ የማሽን ዋጋ ከሦስትና ከአራት አቅራቢ ይሰበሰባል፤ በመጨረሻም ሰማንያና መቶ ገጽ ያለው ጥራዝ የዋናው ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥራዙ ለቦርድ አባላት ይታደላል፤ በስብሰባው ዋዜማ ምሽት፣ አንዳንዴም ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ፣ ከፊት ያሉት ሁለት ገጾች ይነበባሉ፤ ውሳኔውም በእነዚያው ሁለት ገጾች ላይ ተመሥርቶ ይሰጣል። የቀረው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

በዚህ የቦርድ አባላትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም። በአንድ ስብሰባ አምስትና ስድስት አጀንዳ የሚያይ ሰው የእያንዳንዱን ጥራዝ አንብቦ ሊጨርስ አይችልም። ይህን ማወቅና መቀበል ያለበት ጸሐፊው ነው። እንግሊዝኛው «ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ» የሚለው፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የኃላፊዎች ማጠቃለያ» የምንለው ክፍል የጥናቱ መግቢያ አይደለም፤ አጭር ቅጂውም አይደለም። ለአንባቢው ጥናቱ ማለት እሱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያልተጻፈ ነገር ለቦርዱ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ከዚህ የሚከተለው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው። በኃላፊዎች ማጠቃለያ ላይ ከሁሉም በፊት መገኘት ያለበት፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚጎድለው፣ «ምን ቢፈጠር ይህ ድምዳሜ ይገለበጣል?» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር የተሰጠ መልስ ነው። ትርፉን የማይጽፍ ማጠቃለያ የለም። ትርፉ የሚጠፋበትን ነጥብ የሚጽፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ነገር በምሳሌ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ ምሳሌ እናብጅ። ፋብሪካውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት ያህል የተዘጋጁ ናቸው፤ አካሄዱ ግን ጥናት ላገላበጠ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ አስመጪ ድርጅት ወደ ፓስታ ማምረት ሊገባ አስቧል እንበል። የማሽኑ ዋጋ 2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጥናቱ ሲሠራ አንዱ ዶላር በ150 ብር ስለተያዘ ማሽኑ 300 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለሕንፃና ለተከላ 60 ሚሊዮን፣ ለሥራ ማስኬጃ 40 ሚሊዮን ብር ሲጨመርበት ጠቅላላው 400 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ባለቤቶቹ 160 ሚሊዮኑን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ 240 ሚሊዮኑን ከባንክ ይበደራሉ። ብድሩ በ16 በመቶ ወለድ በ5 ዓመት የሚከፈል ቢሆን፣ በየዓመቱ እኩል ለባንክ የሚገባው ክፍያ ወደ 73 ሚሊዮን ብር ነው።

ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት 120,000 ኩንታል ያመርታል። ጥናቱ በአቅሙ 70 በመቶ እንደሚሠራ ገምቷል፤ ይህም 84,000 ኩንታል ነው። ከእያንዳንዱ ኩንታል ሽያጭ ላይ የስንዴው፣ የማሸጊያውና የመብራቱ ወጪ ተነሥቶ 2,000 ብር ይተርፋል ብለን እንያዝ። ጠቅላላው 168 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ደመወዝ፣ ጥገናና የጽሕፈት ቤት ወጪ 48 ሚሊዮን ሲቀነስ 120 ሚሊዮን ብር ይቀራል። ግብሩን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው፣ 400 ሚሊዮኑ በ3 ዓመት ከ4 ወር ይመለሳል፤ የባንኩም ዕዳ ያለ ችግር ይከፈላል።

የዚህ ጥናት ጥራዝ 86 ገጽ አለው እንበል። ከፊቱ ያለው የኃላፊዎች ማጠቃለያ በተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ይነበባል፦

«የአገራችን የሕዝብ ቁጥር እየጨመረና የከተሜው አመጋገብ እየተለወጠ በመምጣቱ የፓስታ ፍላጎት በከፍተኛ ደረጃ እያደገ ይገኛል። ይህ ጥናት የገበያ፣ የቴክኒክና የፋይናንስ ትንተናን አካቶ ተዘጋጅቷል። በጥናቱ መሠረት ፕሮጀክቱ በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሲሆን ኢንቨስትመንቱ በ3 ዓመት ከ4 ወር ይመለሳል። የጥሬ ዕቃ አቅርቦትና የውጭ ምንዛሪን የመሳሰሉ ስጋቶች ቢኖሩም በተገቢው አመራር ሊወገዱ ይችላሉ። ስለዚህ ፕሮጀክቱ አዋጭ ነው።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ነገር ግን ቦርዱን ገደል ሊከተው ይችላል። ለምን ቢባል፣ በጥራዙ ገጽ 61 ላይ አንድ አረፍተ ነገር ተቀምጧል፦ በአካባቢው ያሉ ተመሳሳይ ፋብሪካዎች በስንዴ እጥረት ምክንያት ባለፉት 3 ዓመታት የሠሩት በአማካይ በአቅማቸው 55 በመቶ ነው። ገጽ 74 ላይ ደግሞ የዶላሩ ዋጋ 190 ብር ቢደርስ የማሽኑ ዋጋ በ80 ሚሊዮን ብር እንደሚጨምር የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። የጥናቱ ባለሙያ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ሁለቱ ገጾች ግን ወደ ፊት አልመጡም፤ አንድ ላይም ተያይተው አልተሰሉም።

እስቲ እኛ እናስላቸው። ፋብሪካው እንደ ጎረቤቶቹ በ55 በመቶ አቅም ቢሠራ 66,000 ኩንታል ያመርታል። ቋሚ ወጪው ተቀንሶ 84 ሚሊዮን ብር ይቀረዋል። የባንኩ 73 ሚሊዮን ሲከፈል 11 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ጠባብ ነው፣ ግን ያስኬዳል። አሁን ዶላሩ 190 ይግባ። የማሽኑ ዋጋ 380 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ባለቤቶቹ ተጨማሪ ገንዘብ ስለሌላቸው 80 ሚሊዮኑም ከባንክ ይመጣና ብድሩ 320 ሚሊዮን፣ ዓመታዊ ክፍያውም ወደ 98 ሚሊዮን ብር ይወጣል። ፋብሪካው 84 ሚሊዮን ይዞ 98 ሚሊዮን ይጠየቃል። በየዓመቱ 14 ሚሊዮን ብር ይጎድላል ማለት ነው። ዶላሩ ሲወጣ የስንዴውና የፓስታው ዋጋም አብሮ መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ ያንን ያላስገባነው ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን ብለን ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ስጋቶች ለየብቻ ሲመጡ ፋብሪካው ይቋቋማቸዋል። አብረው ሲመጡ ግን ዕዳውን መክፈል ያቅተዋል። «ስጋቶች ቢኖሩም በተገቢው አመራር ሊወገዱ ይችላሉ» የምትለው አንዲት ሐረግ የደበቀችው ይህን ነው። የምንዛሪው ነገር ደግሞ በባዶ የሚፈራ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አስመጪ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ያው ጥናት በሌላ አጻጻፍ

አሁን የጥናቱን አንድም ቁጥር ሳንለውጥ ማጠቃለያውን እንደገና እንጻፈው፦

«ቦርዱ በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ የፓስታ ፋብሪካ እንዲተከል፣ ከዚህም ውስጥ 240 ሚሊዮን ብር በባንክ ብድር እንዲሸፈን በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የብድር ውል ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ ለ65 በመቶው የማምረት አቅም የሚበቃ ስንዴ በውል እንዲያዝ፤ ሁለተኛ፣ የማሽኑ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የዶላር ዋጋ ከ190 ብር ካለፈ ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ተመልሶ እንዲታይ ነው።

«ፋብሪካው በ70 በመቶ አቅም ቢሠራና ማሽኑ በ150 ብር ምንዛሪ ቢገዛ ወጪው በ3 ዓመት ከ4 ወር ይመለሳል። በዚሁ ምንዛሪ ምርቱ ወደ 50 በመቶ ቢወርድ የባንክ ዕዳ መክፈል አይቻልም። ምንዛሪው 190 ቢደርስና ጭማሪው በብድር ቢሸፈን ይህ ወሰን ወደ 61 በመቶ ከፍ ይላል። በአካባቢው ያሉ ፋብሪካዎች ባለፉት 3 ዓመታት የሠሩት በአማካይ በ55 በመቶ ነው። ስለዚህ የስንዴው ውል ካልተገኘ ፕሮጀክቱ እንዲጀመር አንመክርም።»

ይህን ያነበበ የቦርድ አባል ምን እንደተጠየቀ፣ ለምን እንደተጠየቀ፣ በምን ሁኔታ «አይሆንም» ማለት እንዳለበት ያውቃል። ስብሰባው ላይ የሚያነሣውም ጥያቄ ይለወጣል። በፊተኛው አጻጻፍ «ፓስታ ይሸጣል አይሸጥም?» ተብሎ አንድ ሰዓት ይከራከሩ ነበር። በኋለኛው «ስንዴውን በውል የሚሰጠን ማነው? በስንት ዋጋ? ውሉን ቢያፈርስስ?» ይላሉ። ገንዘቡን የሚያድነው ሁለተኛው ክርክር ነው።

ባንክ በር ላይም ነገሩ ያው ነው። የብድር ኮሚቴ አባላት ፋብሪካ ሲከፈት ከሚገኘው ትርፍ ይልቅ ፋብሪካው ሲዳከም ዕዳው ከምን እንደሚከፈል ማወቅ ይፈልጋሉ። ወሰኑን ቀድሞ ራሱ የጻፈ ተበዳሪ ሥራውን እንደሚያውቅ አሳየ ማለት ነው። ደብቆት የባንኩ ባለሙያ ያገኘበት ተበዳሪ ግን በቀሩት ቁጥሮቹም አይታመንም።

ስህተቱ የሚገባበት በር

ታዲያ ገጽ 61 እና ገጽ 74 ወደ ፊት ያልመጡት ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ተንኮል ኖሮበት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ጸሐፊው የጥናቱን ቅደም ተከተል መከተሉ ነው። ጥራዙ ከመነሻ ሐሳብ ጀምሮ፣ የጥናት ዘዴውን ገልጾ፣ ገበያውን ተንትኖ ወደ ፋይናንስ ይደርሳል። ጸሐፊው ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት አረፍተ ነገር እየቀነጨበ ወደ ፊት ያመጣል። የሚወጣው በአረፍተ ነገር የተጻፈ ማውጫ ነው። የስንዴው እጥረት በገበያ ምዕራፍ፣ የምንዛሪው ሠንጠረዥ በፋይናንስ ምዕራፍ ስላሉ በዚህ ዓይነት አሠራር በፍጹም አይገናኙም።

ሁለተኛው ምክንያት ረቂቁ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቃላቱ መጠናከራቸው ነው። ባለሙያው «በ70 በመቶ አቅም ሊሠራ ይችላል» ብሎ ይጽፋል። የክፍል ኃላፊው «ሊሠራ ይችላል» ደካማ መስሎት «እንደሚሠራ ይጠበቃል» ያደርገዋል። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ «ይሠራል» ሆኖ ያርፋል። ማንም አልዋሸም፤ ግምቱ ግን እውነት ሆኖ ቦርዱ ፊት ቀርቧል። «ይጠበቃል» የሚለው ቃል ራሱ አስቸጋሪ ነው፤ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አይናገርምና። «የማሽኑ ሻጭ 85 በመቶ ይላል፤ እኛ 70 ይዘናል፤ ጎረቤቶቻችን 55 ላይ ናቸው» ብሎ መጻፍ ሲቻል ለምን «ይጠበቃል» እንላለን?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ከንግድ ዓለም የራቀ ቢሆንም የታወቀውን ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ ለምክር ቤት ያቀረቡት ግምገማ 92 ገጽ ነበር፤ ከፊቱም አምስት ገጽ ማጠቃለያ ነበረው። ዋሽንግተን ፖስት በ2004 እንደዘገበው አምስቱን ገጽ አልፈው ያነበቡት ሴናተሮች ከስድስት አይበልጡም ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ የሴኔቱ የመረጃ ኮሚቴ ምርመራውን ሲያወጣ፣ አብዛኞቹ ዋና ዋና ድምዳሜዎች ከተመሠረቱበት መረጃ በላይ የተጋነኑ ወይም መረጃው የማይደግፋቸው ሆነው አገኛቸው። በመካከሉ ጦርነቱ ተጀምሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የቋንቋችን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶቻችን በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ የቦርድ ውይይቱ በአማርኛ ይካሄዳል፤ ቃለ ጉባኤውም በአማርኛ ይያዛል። አቅራቢው ማጠቃለያውን ቆሞ በቃል ሲተረጉም መጀመሪያ የሚጠፉት ቅድመ ሁኔታዎቹ ናቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ፕሮጀክቱ አዋጭ መሆኑ ተገልጾ ጸድቋል» ተብሎ ይሰፍራል፤ የስንዴው ውል ወሬውም የለም። ስለዚህ ቦርዱ በአማርኛ የሚወያይ ከሆነ ማጠቃለያው ከመጀመሪያው በአማርኛ ይጻፍ፤ የውሳኔው ሐሳብም ቃል በቃል ወደ ቃለ ጉባኤው ሊገለበጥ በሚችል መልክ ይቀመጥ።

አጻጻፉና ፍተሻው

ማጠቃለያው የሚጻፈው ጥናቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሚቀመጠው ግን ከፊት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጥራዙ ሊጠረዝ ሰዓታት ሲቀሩት የተጻፈ ማጠቃለያ ስብሰባው ላይ ይፈታል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይመደብለት። ጸሐፊው ጥራዙን ዘግቶ በመጀመሪያ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ቦርዱ ምን እንዲወስን ነው የምንጠይቀው? ይህ ካልተጻፈለት ችግሩ ከማጠቃለያው ሳይሆን ከጥናቱ ነው፤ ጥናቱ ወደ ድምዳሜ አልደረሰም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያንን ውሳኔ የሚገለብጡ ሁኔታዎችን ከጥራዙ ያውጣ። አሥር ስጋት ሊዘረዘር ይችላል፤ ውሳኔውን የሚገለብጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ለይቶ ለማወቅ እያንዳንዱን ግምት ወደ መጥፎው አቅጣጫ እያንቀሳቀሱ ዕዳው መከፈሉ የሚቆምበትን ቁጥር መፈለግ፣ ከዚያም ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ማንቀሳቀስ ነው። በምሳሌያችን የደመወዝ ጭማሪም ስጋት ነው፤ ነገር ግን ቋሚ ወጪው በሩብ አድጎ ከ48 ወደ 60 ሚሊዮን ብር ቢደርስ እንኳ በ70 በመቶ አቅም ዕዳው ይከፈላል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይቅር። ስንዴውና ዶላሩ ግን ይቅደሙ።

ርዝመቱን በተመለከተ ከጥራዙ አሥር በመቶ ይሁን የሚሉ አሉ። በእኛ ምሳሌ ይህ ከስምንት ገጽ በላይ ይሆናል፤ ያን ያህል ማጠቃለያ ደግሞ ሌላ ማጠቃለያ ያስፈልገዋል። ሁለት ገጽ ይበቃል። ገጾቹ ከጥራዙ ተገንጥለው ፎቶ ኮፒ መደረጋቸው፣ ለባንክና ለሸሪክ መላካቸው አይቀርም። ስለዚህ «በምዕራፍ አራት እንደተገለጸው» ብሎ ማለፍም፣ ያልተብራራ ምህጻረ ቃል መጠቀምም አይገባም። የገጽ ቁጥር መጥቀስ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ለማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሚያገለግል እንጂ ሐሳቡ ያለ እሱ የማይገባ መሆን የለበትም።

ከዚያ ፍተሻው ይመጣል። በማጠቃለያው ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በጥራዙ ውስጥ አንድ ቦታ ያለ፣ ያውም ሳይለወጥ ያለ መሆን አለበት። በጽሕፈት ቤት ውስጥ ጥናቱ ሲሻሻል ማጠቃለያው በአሮጌው ቁጥር ይቀራል፤ ፊት ላይ 400 ሚሊዮን፣ ውስጥ 412 ሚሊዮን የሚል ጥራዝ ደግሞ በአንድ ጠያቂ የቦርድ አባል እጅ ይሞታል። የመጨረሻው ፍተሻ ሰው ይፈልጋል። ጥናቱን ያላየ አንድ የሥራ ባልደረባ ሁለቱን ገጽ ብቻ ያንብብና ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ምን ተጠየቀ? በስንት ብር? ምን ቢፈጠር እንተወዋለን? ሦስተኛውን በቁጥር መመለስ ካልቻለ ማጠቃለያው አልተጻፈም።

እርግጥ ነው፣ ይህ አሠራር ወሰን አለው። ደካማን ጥናት ጠንካራ አያደርገውም፤ ገበያው በትክክል ካልተጠና ሁለቱ ገጾች የሚያሳዩት ስህተቱን ነው። ያም ቢሆን ጥቅም ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ የጥናቱን ክፍያ የሚከፍለው ፕሮጀክቱን የፈለገው ሰው ስለሆነ ባለሙያው «በዚህ ቁጥር ላይ ይፈርሳል» ብሎ ከፊት ገጽ ለመጻፍ ይፈራል። ይህን ፍርሃት ባለሙያው ብቻውን ሊያስወግደው አይችልም። ማስወገድ የሚችለው ቦርዱ ነው። ድምዳሜው የሚገለበጥበት ነጥብ በቁጥር ያልሰፈረበትን ማጠቃለያ ሰብሳቢው ሳያወያዩበት ለጸሐፊው ቢመልሱት፣ ቀጣዩ ጥናት ነጥቡን ጽፎ ይመጣል።